ሻወሩን የሚያጠነክረው የሮቶው ቁመት ነው ወይስ ስፋቱ?

ፎቅ ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ሲከፈት ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ባልዲው ወዲያው ይሞላል። ለሮቶው በጣም የቀረበው የላይኛው ፎቅ ሻወር ግን ሲከፈት ሰው ማስታጠብ እስኪያቅተው ድረስ ቀጥኖ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ የ1,000 ሊትሩን ሮቶ አውርዶ በ2,000 ሊትር መተካት ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ትልቁ ሮቶ ይሰቀላል፣ ሻወሩ ግን እንደነበረው ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ለምን እንደሆነ የገባው ተማሪ በየከተማው ከቤቶች በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የውሃ ማማ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ አብሮ ይገባዋል። ማማው ከፍ ብሎ የቆመው ውሃውን ከሌባ ወይም ከቆሻሻ ለመጠበቅ አይደለም። ቁመቱ ራሱ ሥራ ይሠራል። ቧንቧው ላይ የሚደርሰው ግፊት የሚመጣው ከዚያ ቁመት ነው፤ ማማው ላይ ካለው የውሃ ብዛት አይደለም።

በሐሳብ አንድ ቀጭን ቱቦ እናቁም። የውስጡ ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቱ ደግሞ 10 ሜትር። ታችኛውን ጫፍ ዘግተን ቱቦውን እስከ አፉ በውሃ ብንሞላው ምን ያህል ውሃ ይይዛል? 10 ሜትር ማለት 1,000 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የሚይዘው 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ከታች ባለችው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ውሃ ክብደት ተጭኗል ማለት ነው። የቧንቧ ሠራተኞች «አንድ ባር» የሚሉት ግፊት ከዚህ ብዙም የማይርቅ ነው። በትክክል ሲሰላ የ10 ሜትር ውሃ 0.98 ባር ይሰጣል፤ በቃል ለመያዝ ግን «በየ10 ሜትሩ አንድ ባር» ማለት ይበቃል።

አሁን ቱቦውን እናስፋው። የውስጡ ስፋት 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቁመቱ እዚያው 10 ሜትር ላይ ይቆይ። ውሃው ወደ 10 ሊትር፣ ክብደቱም ወደ 10 ኪሎ ያድጋል። ነገር ግን ያ 10 ኪሎ የሚያርፈው 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ ለእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሳት ያው አንድ ኪሎ ነው። ግፊት ማለት ጠቅላላ ክብደት አይደለም፤ ክብደቱ ላረፈበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ ነው። ስፋቱን በጨመርን ቁጥር ክብደቱም ስፋቱም እኩል ስለሚያድጉ ድርሻው አይለወጥም። ድርሻውን ከፍ የሚያደርገው ቁመቱን መጨመር ብቻ ነው። የፊዚክስ መጽሐፋችሁ ላይ ያለው P = ρgh የሚለው ቀመር የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ρ የውሃው እፍግታ፣ g የመሬት ስበት፣ h ቁመቱ ነው። ስለ ሊትር የሚናገር አንድም ፊደል የለበትም።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ማማው ላይ 50 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ካለ ክብደቱ 50 ቶን ነው። ያ ሁሉ ክብደት የት ሄደ? ቧንቧውን የማይገፋው ለምንድን ነው? መልሱ፣ አብዛኛው ክብደት የማጠራቀሚያው ወለል ላይ አርፎ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል የሚል ነው። የማማው ምሰሶዎች ያን ያህል የሚወፍሩት ለዚህ ነው። ወደ ታች በሚወርደው ቧንቧ አፍ ላይ የተጫነው ግን ከዚያ አፍ ቀጥታ በላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ቧንቧው ጠማማ ቢሆን፣ በመንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ዞሮ ቢመጣ፣ አንዴ ወጥቶ አንዴ ቢወርድ፣ ውሃው እስካልፈሰሰ ድረስ ለውጥ የለውም። የሚቆጠረው ከውሃው የላይኛው ገጽ እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚለካው ቁመት ነው። ስምዖን ስቴቪን የተባለ የፍላንደርስ መሐንዲስ ይህን በ1586 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል፤ ጠባብና ረጅም የውሃ ዓምድ፣ ሰፊና እኩል ቁመት ካለው ገንዳ ጋር እኩል ግፊት መፍጠሩ በዘመኑ ለነበሩ ሰዎች ለማመን የሚከብድ ነገር ነበር።

አንዳንድ ተማሪ ደግሞ «አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ዝቅተኛ ነው። ታዲያ የቧንቧችን ግፊት አይቀንስም?» ይላል። አይቀንስም። አየሩ ማማው ላይ ያለውን ውሃ ከላይ ይጫናል፤ ከታች ደግሞ ውሃው የሚወጣበትን የቧንቧ አፍ መልሶ ይገፋል። ሁለቱ ስለሚጣፉ የሚቀረው የውሃው ቁመት ብቻ ነው። 10 ሜትር ውሃ ጅቡቲም፣ አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም ያው አንድ ባር ገደማ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ጣሪያው ላይ ሮቶ ያለበት ቤት በቂ ቤተ ሙከራ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ከሮቶው ውሃ በሚያገኝ ቧንቧ ላይ አጥብቆ ማሰር፣ ቧንቧውን መክፈት፣ ከዚያ የጎማውን ጫፍ ይዞ ደረጃውን መውጣት ነው። ጫፉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወጣው ውሃ ይዳከማል፤ በመጨረሻም ይቆማል። ጎማውን ሳይለቁ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝና በውስጡ የቆመውን የውሃ መስመር ማየት ነው። መስመሩ ሮቶው ውስጥ ካለው የውሃ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል፤ ሮቶው ግማሽ ከሆነ ከግማሹ ጋር፣ ሙሉ ከሆነ ከአፉ ጋር። ጎማው የጣት ያህል ቀጭን መሆኑ ምንም አልጎዳውም። በአንድ በኩል ሁለት ሺህ ሊትር፣ በሌላ በኩል አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ቆመው ተመጣጥነዋል፤ ምክንያቱም ቁመታቸው አንድ ነው። ይህ ሙከራ የሚሠራው ቧንቧው ከሮቶው የሚመጣ ከሆነ ነው። ከመንገድ መስመር በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ ግፊቱ ከጣሪያው በላይ ሊያወጣው ስለሚችል ደረጃው አይበቃም።

ስለ ሙከራ ከተነሳ ብዙ ክፍል ውስጥ በስህተት የሚሳል አንድ ሥዕል አለ፤ ማረም ይገባዋል። በላስቲክ ጠርሙስ ጎን ላይ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሦስት ቀዳዳ ይበሳል። ሥዕሉ ላይ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ከሁሉም ርቆ ይወድቃል። ተማሪው ቤቱ ሄዶ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲሞክረው ግን ርቆ የሚሄደው የመሃለኛው ይሆንበታል። ተማሪው ተሳስቶ አይደለም። ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ግን ቀዳዳው ለጠረጴዛው በጣም ቅርብ ስለሆነ ርቆ ሳይሄድ ይወድቃል። ውሃው 24 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረውና ቀዳዳዎቹ ከውሃው ገጽ 4፣ 12 እና 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ቢበሱ፣ በስሌቱ መሠረት የመሃለኛው 24 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ደግሞ እኩል 18 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ። ያንኑ ጠርሙስ ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ወዳለ ጠረጴዛ ጠርዝ ወስዳችሁ ውሃው ወለሉ ላይ እንዲወድቅ ብታደርጉ ውጤቱ ይገለበጣል፦ 44፣ 73 እና 91 ሴንቲ ሜትር፤ አሁን የታችኛው ሩቅ ይሄዳል። በተግባር ቀዳዳው ሻካራ ስለሚሆን ቁጥሮቹ ትንሽ ያንሳሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም። ግፊቱን በትክክል የሚያሳየው ውሃው ከቀዳዳው ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው፤ የወደቀበት ቦታ ሌላ ነገርም ተቀላቅሎበታል።

አሁን አንድ ትንሽ ከተማ እንውሰድና በቁጥር እንሥራው። ማማው 15 ሜትር ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ውስጡ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይይዛል። ማማው ሲሞላ የውሃው ገጽ ከመሬት 18 ሜትር ላይ ነው። ከማማው አጠገብ ያለ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ልዩነቱ 17 ሜትር፣ ግፊቱ ወደ 1.7 ባር ይሆናል። ማጠራቀሚያው ሊያልቅ ሲል ገጹ ወደ 15 ሜትር ይወርዳል፤ ልዩነቱ 14 ሜትር፣ ግፊቱ ወደ 1.4 ባር። ልብ በሉ፦ ውሃው ከሙሉ ወደ ባዶ ሊደርስ ቀርቶት እንኳን ግፊቱ የቀነሰው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም ውሃው እየቀነሰ ያለው ከላይኛዋ ሦስት ሜትር ነው፤ 15ቱን ሜትር የሚሰጡት ምሰሶዎቹ ናቸው። ማጠራቀሚያዎች ጥልቅ ከመሆን ይልቅ ሰፋ ብለው የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ግፊቱ ብዙ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል።

በዚያው ሠፈር ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ። የመጨረሻው ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 10 ሜትር ላይ ነው። ማማው ሲሞላ 8 ሜትር፣ ሊያልቅ ሲል 5 ሜትር ይቀረዋል፤ ማለትም ከ0.8 ወደ 0.5 ባር ይወርዳል። ምድር ቤት ያለው ሰው ለውጡ ብዙም አይሰማውም፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ግን ግፊቱ ከሦስተኛ እጅ በላይ ይቀንስበታል። ማማው የሚሰጠው ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚቀረው ግን እንደየከፍታቸው ነው።

ከተማው ሜዳ ካልሆነ ደግሞ መሬቱ ራሱ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ከማማው ግርጌ 12 ሜትር ዝቅ ባለ ወንዝ ዳር ሠፈር ላይ ያለ ቧንቧ 29 ሜትር፣ ማለትም ወደ 2.8 ባር ያገኛል። ከማማው ግርጌ 10 ሜትር ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ያለው ቤት ደግሞ 7 ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። ኮረብታው ላይ ያሉ ሰዎች «የውሃ አገልግሎቱ ለታችኞቹ ያደላል» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ያደላው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። መፍትሔውም ማማውን ማስፋት ሳይሆን ከፍ ወዳለ ቦታ ሌላ ማጠራቀሚያ መትከል ነው።

ወደ ሮቶው እንመለስ። ሻወሩ ከላይኛው ፎቅ ወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የሮቶው የውሃ ገጽ ከሻወሩ የሚበልጠው በ2 ሜትር ብቻ ነው። ይህ 0.2 ባር ነው። ሮቶውን በሁለት እጥፍ ማስፋት ይህን ቁጥር አይነካውም፤ አዲሱ ሮቶ ትንሽ ረዘም ካለ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምር ይሆናል። ያንኑ ሮቶ ግን 2 ሜትር የብረት ቋሚ ላይ ብታወጡት ልዩነቱ 4 ሜትር ይሆናል፣ ግፊቱ በእጥፍ ያድጋል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። 2,000 ሊትር የሞላ ሮቶ ሁለት ቶን ነው፤ ቋሚውም ጣሪያውም ይህን እንዲሸከሙ ተሰልተው መሠራት አለባቸው። በብየዳ ሥራ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቧንቧው ዝግ ሆኖ ውሃው ለቆመበት ሁኔታ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ሌላ ነገር ይጀምራል። የሚፈስ ውሃ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይታገላል፤ ሰበቃ ከማማው የተሰጠውን ቁመት እየሸራረፈ በመንገድ ላይ ይወስድበታል። ስንት እንደሚወስድ በምሳሌ እንየው። ከመንገዱ መስመር እስከ ግቢያችን 30 ሜትር የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ተዘርግቷል፤ ትንሽ ያረጀ ነው። አንድ ቧንቧ ከፍተን በሴኮንድ 0.2 ሊትር ማግኘት እንፈልጋለን፤ ይህ 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሴኮንድ የሚሞላ ፍሰት ነው። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ስሌት በዚያ 30 ሜትር ላይ የሚጠፋው ወደ 5 ሜትር ቁመት ነው። ከ17ቱ 12 ይቀራል፤ መልካም ነው።

አሁን ጎን ለጎን ሁለተኛ ቧንቧ እንክፈት። በዚያው ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ በእጥፍ ማደግ አለበት፤ የሚጠፋው ቁመት ግን በእጥፍ አይደለም የሚያድገው፣ ወደ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። 5 ሜትሩ 18 ሜትር ይሆናል። ያለን ግን 17 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሙሉ ፍሰት ሊያገኙ አይችሉም፤ ውሃው ራሱን ቀንሶ ሁለቱም ይዳከማሉ። ኩሽና ውስጥ ዕቃ የሚታጠብበት ቧንቧ ሲከፈት ሻወር ውስጥ ያለው ሰው የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ማማው ምንም አልሆነም። ያንኑ 30 ሜትር በሦስት አራተኛ ኢንች ብንቀይረው ለሁለቱም ቧንቧዎች የሚጠፋው ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። ቧንቧው በዓይን ሲታይ ብዙም አልወፈረም፤ ሰበቃው ግን ወደ ሩብ ገደማ ቀንሷል። ስፋት ለቆመ ውሃ ምንም የማይጠቅም ሆኖ ሳለ ለሚፈስ ውሃ እንዲህ ብዙ ይጠቅማል፤ ተማሪዎች የሚደናገሩትም ሁለቱን ሳይለዩ ሲቀሩ ነው።

ይህ ልዩነት ደካማ ቧንቧን ለመመርመርም ያገለግላል። የቧንቧ ሠራተኛ የግፊት መለኪያ ሰዓቱን ቧንቧው ላይ ያስርና ሁለት ጊዜ ያነብባል፤ አንዴ ሁሉም ነገር ተዘግቶ፣ አንዴ ደግሞ ሌላ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ እየፈሰሰ። ሁሉም ተዘግቶ ሰዓቱ 1.6 ባር ካለና ሲከፈት ወደ 0.3 ከወረደ ቁመቱ በቂ ነው፤ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ቧንቧው ቀጥኗል፣ ዝጓል፣ ወይም በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ አለ። ሁሉም ተዘግቶም 0.4 ብቻ ካለ ግን የቤቱን ቧንቧ መቀየር ትርፉ ወጪ ነው፤ የጎደለው ቁመት ነው። ወይ ማማው ውስጥ ያለው ውሃ ወርዷል፣ ወይ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ሰዓቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ጠዋትና ማታ ሁሉም ሲጠቀም የሚደክም፣ ሌሊት ደግሞ የሚጠነክር ቧንቧ የሰበቃ ምልክት አለበት። ቀንም ሌሊትም እኩል ደካማ የሆነ ቧንቧ ግን የቁመት ወይም የመዘጋት ችግር ነው።

«ታዲያ ፓምፑ ውሃውን በቀጥታ ወደ ቤቶች ቢገፋው ማማ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። የከተማ ሰው ውሃ የሚጠቀመው እኩል አይደለም። ጠዋት ፊት ሲታጠብና ቁርስ ሲዘጋጅ ብዙ ይወጣል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከሞላ ጎደል ምንም አይወጣም። ማማ ከሌለ ፓምፑ ለጠዋቱ ግርግር የሚበቃ ግዙፍ መሆን አለበት፤ ቀሪውን ቀን ደግሞ አቅሙን ሳይጠቀም ይውላል። ማማ ካለ ግን መጠነኛ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሞላዋል። መብራት ሲጠፋም ቁመቱ አይጠፋም፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ግፊቱ ይቀጥላል። ማማው በአንድ ጊዜ የውሃም የጉልበትም ማስቀመጫ ነው።

ያ ጉልበት ስንት ነው? አንድ ኪዩቢክ ሜትር፣ ማለትም 1,000 ሊትር ውሃ ወደ 18 ሜትር ለማውጣት በንድፈ ሐሳብ 0.05 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚባክነው ጋር እጥፍ ይሁን ብንል እንኳን 50 ኪዩቢክ ሜትሩን ለመሙላት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ወጪው የሚከብደው ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ከመሬት 100 ሜትር በታች ከሆነ ፓምፑ የሚያነሳው 18 ሳይሆን 118 ሜትር ነው፤ ሒሳቡም ከስድስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ከዚያ ውስጥ ለቧንቧችን ግፊት የሚሆነው ግን ከመሬት በላይ ያለው 18 ሜትር ብቻ ነው።

ሜዳ የሆነ አገር ቁመቱን ራሱ መሥራት አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ የሚሄዱባት ኩዌት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ተራራ የላትም፤ የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው ጨዉ የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። በከተማዋ ዳርና መሃል እንጉዳይ የሚመስሉ ባለ ሰማያዊና ነጭ ማማዎች በቡድን በቡድን ቆመዋል። በ1979 የተከፈቱት ዝነኞቹ የኩዌት ማማዎችም የዚሁ ሥርዓት አካል ናቸው። ከሦስቱ ትልቁ 187 ሜትር ይረዝማል፤ ከኳሶቹ የታችኛው 4,500 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ይይዛል፣ በላዩም ምግብ ቤት አለ። 187 ሜትር ሲባል ሰምቶ «ግፊቱ 18 ባር ነው» የሚል ተማሪ ይኖራል። አይደለም። ውሃው ያለው በታችኛው ኳስ የታችኛው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ሰማዩን የሚነካው የማማው ጫፍ ለግፊቱ ምንም አይጨምርም። ሦስተኛው ማማ ጭራሽ ውሃ የለውም፤ መብራት ለሌሎቹ የሚያበራበት ነው።

አዲስ አበባ የኩዌት ተቃራኒ ናት። እዚህ ኮረብታው ራሱ ማማ ነው፤ ማጠራቀሚያውን ከፍ ያለ መሬት ላይ መገንባት በቂ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምሰሶ አያስፈልግም። የእኛ ችግር ቁመት መብዛቱ ነው። ከእንጦጦ ራስጌ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ልዩነት ከ800 ሜትር በላይ ነው። አንድ ማጠራቀሚያ እንጦጦ ላይ ሠርተን መስመሩን ሳንቆርጥ እስከ አቃቂ ብንዘረጋው፣ ሁሉም ቧንቧ በተዘጋበት ሌሊት ታች ያለው ግፊት ወደ 80 ባር ይጠጋል። ለከተማ መስመር በብዛት የሚዘረጉ ቧንቧዎች የሚችሉት 10 ወይም 16 ባር ነው። የቤት ቧንቧና ቦይለር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሻሉ። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ያለ ከተማ በከፍታ ቀጠና ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቀጠና የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፣ ውሃውም ከአንዱ ወደ ሌላው ወይ በፓምፕ ይወጣል ወይ በስበት ይወርዳል። አቃቂ ካሉት ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ ወደ ላይኛው ሠፈር መድረስ ካለበት ደግሞ ያንን ሁሉ ቁመት በመብራት ኃይል መክፈል ግድ ነው።

ተራራማ ገጠር ውስጥ ከምንጭ በስበት ውሃ የሚወስዱ መንደሮችም ይኸው ጣጣ ያጋጥማቸዋል። ምንጩ ከመንደሩ 120 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ የታችኛው ጫፍ ግፊት ወደ 12 ባር ይደርሳል፤ 10 ባር የሚችል ቧንቧ ይህን አይቋቋምም። የሚፈነዳው ደግሞ ውሃ በብዛት በሚፈስበት ቀን ሳይሆን ሁሉም በሚዘጋበት ሌሊት ነው፤ ውሃው ሲፈስ ሰበቃ ከቁመቱ ይቀንስለታል፣ ሲቆም ግን ሙሉው ቁመት ቧንቧው ላይ ያርፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩ መሃል ላይ፣ 60 ሜትር ከወረደ በኋላ፣ ለአየር ክፍት የሆነ ትንሽ የሲሚንቶ ገንዳ ይሠራል። ውሃው ገንዳው ውስጥ ሲገባ ገጹ አየር ያገኛል፤ እስከዚያ ያጠራቀመው ግፊት እዚያው ያበቃል። ከገንዳው ወደ ታች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ላይኛው ክፍል 6 ባር፣ ታችኛውም 6 ባር ይሆናል። ገንዳው መግቢያ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው ቫልቭ ካልተገጠመ ግን መንደሩ ቧንቧውን ሲዘጋ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ በገንዳው አፍ እየሞላ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ይፈሳል። ቫልቩ ከተገጠመ ደግሞ ላይኛው መስመር ሲዘጋ 6 ባሩን የሚሸከመው ቫልቩ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው መፈተሽና ሲያልቅ መቀየር አለበት።